«ሰው ልካችሁ መውሰድ ትችላላችሁ»

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ታላላቆቼና ታናናሾቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ስለ ማስታወቂያ አጻጻፍ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ፎቶ እንዴት እንደሚነሣ፣ ርዕስ እንዴት እንደሚያምር ሌላ ቀን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ የመጣሁት በገዛ እጄ ጽፌ ስለለጠፍኳት አንዲት መስመር ላወራችሁ ነው። መስመሯ «ሰው ልካችሁ መውሰድ ትችላላችሁ» የምትል ነበረች።

እናንተም ጽፋችኋታል። አውቃለሁ፣ ማስታወቂያዎቻችሁን አያለሁና። ሥራ ለሚበዛበት ደንበኛ የተመቸች ትመስላለች። እኔም ለደግ ነበር የጻፍኳት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በ45,000 ብር ለጥፌያለሁ። ዋጋውን ግን ማስታወቂያው ላይ አልጻፍኩትም፤ «በውስጥ መስመር» ብዬ ነው ያለፍኩት። አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ የተረጋጋ ነው። «ወንድሜ፣ ማስታወቂያህን አይቼ ነው፤ ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። አልተከራከረም። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ አንድ ሺህ ብር እንኳ ሳያስቀንስ የሚስማማ ሰው ስንቴ ገጥሟችኋል?

«ለእህቴ የምረቃ ስጦታ ነው» አለኝ። «እኔ ከከተማ ወጥቻለሁ፤ እሷ መጥታ ትየው። ከወደደችው ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። አደራ፣ ዋጋውን እንዳትነግራት፤ ስጦታ ነው።» ደስ አለኝ። ለእህቱ ስጦታ የሚገዛ ሰው ማን ይጠረጥራል?

አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ መጣች። ከአጎቷ ጋር ናት። ላፕቶፑን ከፈተች፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካች፣ ካሜራውን አየች። ቻርጀሩን ሰካን፣ ሠራ። ወደደችው። ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አደራ አለብኝና ዝም አልኩ። ወጣ ብላ በስልክ አወራች። ተመልሳ «ጨርሰናል» አለችኝ። ወዲያው የእኔም ስልክ ጮኸ። ስክሪንሾት ነው። 45,000 ብር፣ ስሜ በትክክል የተጻፈ፣ የግብይት ቁጥር ያለው። ሰውየውም ደወለ፤ «ወንድሜ ገብቷል፣ ስጣት፤ መሽቷል፣ ታክሲ ታጣለች» አለኝ።

ሒሳቤን ከፍቼ አየሁ። የገባ ነገር የለም። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። አሁንም የለም። ልጅቷ ካርቶኑን አቅፋ ቆማለች። አጎቷ መቆጣት ጀመረ። «ከፍላለች እኮ! ምንድን ነው የምትጠብቀው?» አለኝ። «የከፈለው ወንድሟ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ አልደረሰኝም» አልኩ። ልጅቷ አፈጠጠችብኝ። «የምን ወንድም? እኔ ወንድም የለኝም» አለች።

ስልኳን አወጣች። እውነተኛ ክፍያ ነው፤ 30,000 ብር፣ እኔ ወደማላውቀው ሰው ስም። ሰውየው የእኔን ፎቶዎች ወስዶ፣ የራሱን ስልክ ጽፎ፣ ላፕቶፑን በ30,000 ለጥፎታል። እሷን «ሱቁ ውስጥ ያለው ሠራተኛዬ ነው፤ እሱ ጋ ስለ ዋጋ አታንሺ፣ ኮሚሽን ይጨምርብሻል» ብሏታል። ለእኔ «ስጦታ ነው» አለኝ። ሁለታችንንም ፊት ለፊት አቁሞ አፋችንን ዘጋልን። የስልክ ቁጥሩን ስናስተያይ አንድ ነው። ስንደውል ተዘግቷል።

ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። ላፕቶፑ ከእኔ ጋር ተመለሰ። ልጅቷ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ሄደች። ያ ገንዘብ ዕቁብ ደርሷት ያገኘችው ነበር። አጎቷ ሲወጣ «አንተም ከእሱ ጋር ትሆናለህ» ብሎኝ ነው የሄደው። ለምን እንዲህ አለኝ ብዬ አልፈርድበትም። እሱ ያየው እኔን ብቻ ነው።

ያን ሌሊት ማስታወቂያዬን ደጋግሜ አነበብኩት። ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ሰውየው የፈለገውን ዋጋ ሊለጥፍበት ቻለ። ማን እንደሚከፍል አይልም። ከዚያ ያቺ መስመር አለች፤ «ሰው ልካችሁ መውሰድ ትችላላችሁ»። ለዚያ ሰው የሚያስፈልገው እሷ ብቻ ነበረች። ከፋዩና ወሳጁ የተለያዩ ሰዎች እንዲሆኑ እኔው ፈቅጄለታለሁ።

አሁን የምጽፈውን ልንገራችሁ። ዋጋውን በአኃዝ እጽፋለሁ። ከሥሩ ይህን አስከትላለሁ፦

«የሚከፍለው ሱቅ መጥቶ ዕቃውን ያየው ሰው ራሱ ነው። ክፍያ የሚፈጸመው ሱቅ ውስጥ፣ ዋጋውን ፊት ለፊት ተነጋግረን፣ በእኔ ስም ባለ ሒሳብ ነው። ስሜን ግድግዳው ላይ ካለው የንግድ ፈቃድ ጋር አስተያዩ። ቀብድ አንጠይቅም። በዚህ ማስታወቂያ ስም ቀብድ የጠየቃችሁ ሰው እኛ አይደለንም።»

እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። «ፊት ለፊት ተነጋግረን» ያልኩት ያ ሰው የሚኖረው በዝምታ ስለሆነ ነው። እኔና ልጅቷ «ስንት ልትከፍይ ነው?» ብንባባል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ዛሬ ማንም ሱቄ ሲገባ ከሰላምታ ቀጥዬ የምለው ዋጋውን ነው። «ቀብድ አንጠይቅም» የሚለው ደግሞ ከእኔ ይልቅ ገዢውን ይጠብቃል። ማስታወቂያችንን ገልብጠው «ብዙ ፈላጊ አለ፣ 5,000 አስይዝ» የሚሉት ብዙዎች ናቸውና። የሒሳብ ቁጥሬን ግን ማስታወቂያ ላይ አልጽፍም። ቁጥሩን የማሳየው ገዢው ፊቴ ሲቆም ነው።

አጭበርባሪው ጽሑፉን ሊቆርጠው ይችላል። ስለዚህ ዋጋውንና የሱቁን ስልክ ወረቀት ላይ በእጄ እጽፍና ኪቦርዱ መሐል አስቀምጬ ፎቶ አነሳለሁ። ጥግ ላይ አይደለም፤ ጥጉን ይቆርጠዋል። መሐል ላይ ሲሆን ፎቶውን መስረቅ አይጠቅመውም።

ስለ ስክሪንሾት ትንሽ ልበል። ታስታውሳላችሁ፣ መስከረም 2013 ብር ሲቀየር ሁላችንም ኖት እያገላበጥን ብርሃን ላይ እናይ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር መጣ። ኖት ማገላበጡን ተውነው፤ ግን በቦታው ምንም አልተካንም። የሰው ስልክ ላይ የታየ ሥዕል ማመን ጀመርን። ስክሪንሾት ሥዕል ነው፤ ማንም ይሠራዋል። አጭር መልእክቱንም ቢሆን ከተራ ስልክ ቁጥር ጽፎ መላክ ይቻላል። እኔ የማምነው የራሴን ሒሳብ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# አለ። እሱም ካልሠራ ዕቃው ከሱቅ አይወጣም። ማስታወቂያዬ ላይ «ዕቃው የሚወጣው ገንዘቡ በሒሳባችን ሲታይ ነው፤ ኔትወርክ ከዘገየ አብረን እንጠብቃለን» የሚል አለ። አስቀድሞ ስለተጻፈ ማንም «ታምነኛለህ ወይስ አታምነኝም?» ብሎ አይሟገተኝም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ማስታወቂያዎቻችን ላይ «ቀልደኛ አይደውል»፣ «የማትገዛ አታድርቀኝ» ብለን እንጽፋለን። ማንን ነው የምንሰድበው? አጭበርባሪው ይህን አንብቦ ያፍራል ብላችሁ ታስባላችሁ? አያፍርም! የሚያፍረው ያቺ ዕቁቧን ይዛ የመጣችው ልጅ ናት። «ጠይቄ ባልገዛስ?» ብላ ሳትደውል የምትቀረው እሷ ናት። ስድብ ጨዋውን ያባርራል፤ ለሌባው ምንም አይደለም። ሌባውን የሚያባርረው «መጥተህ፣ አይተህ፣ አንተው ክፈል» የሚለው ነው። ለዚያ መልስ የለውም።

ጊዜ የሚያባክኑትንም የፈጠርናቸው እኛ ነን። ዋጋ ሳንጽፍ «የመጨረሻ ስንት?» ብለው ሲደውሉ እንበሳጫለን። የት እንዳለን ሳንጽፍ «የት ናችሁ?» ሲሉ እንበሳጫለን። የጻፍነው ከጎደለ ሰው ከመጠየቅ ሌላ ምን ያድርግ? እኔ «ድርድር ያለው ዕቃውን ካየ ሰው ጋር ነው፤ በስልክ ዋጋ አንቀንስም» ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ «የመጨረሻ ስንት?» የሚለው ጥሪ በጣም ቀንሶልኛል። ጨርሶ ግን አልጠፋም።

ስለ መገናኛ ቦታ ሱቅ የሌላችሁን ነው የማስበው። ቤታችሁ ድረስ አታስመጡ፤ እናንተም ወደማታውቁት ሰው ግቢ አትሂዱ። የባንክ ቅርንጫፍ አጠገብ ያለ ካፌ ምረጡና ሰፈሩን ጻፉ። ሰዓቱንም ጻፉ፤ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት» ብላችሁ። «ከመምጣታችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ደውሉ፤ ከቀጠሮው በኋላ 20 ደቂቃ እንጠብቃለን» ብትሉ የሚቀር ሰው ቀድሞ ይታወቃል። «ቦታ እንቀይር፣ መሽቶ እንገናኝ» የሚል ከመጣ መልሱ የተጻፈው ነው።

ፍተሻውን ባጭሩ። «30 ደቂቃ ፈትሹ፤ ባለሙያ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ። ፍተሻው እዚሁ ፊታችን ነው» እላለሁ። ዕቃ ወደ ውጭ ወስዶ ባትሪና ሜሞሪ የሚቀይር አለና። ጉድለቱን ደግሞ እኔው ቀድሜ እጽፋለሁ፤ «ባትሪው 1 ሰዓት ከ20 ይቆያል፣ ከታች በስተግራ ማእዘኑ ተሰንጥቋል» ብዬ። ይህን አንብቦ የመጣ ሰው ስንጥቁን አሳይቶ 5,000 ቀንስ አይለኝም። ሲሪያል ቁጥሩን ፎቶው ላይ እሸፍነዋለሁ፣ ደረሰኙ ላይ ግን ሙሉውን እጽፈዋለሁ። ሌላ ላፕቶፕ ይዞ «ከአንተ የገዛሁት ይኸው ተበላሸ» የሚል ሲመጣ ቁጥሩን እናያለን።

ይህ ሁሉ ተጽፎ እኛው ካፈረስነው ዋጋ የለውም። አንድ ወዳጄ ያንኑ ጽሑፍ ለጥፎ፣ ስልክ ላይ አንድ ትልቅ ሰው «ልጄ፣ እኔን አትመን?» ስላሉት ብቻ የሚሸጠውን ስልክ ለባጃጅ ሹፌር አስረክቧል። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልገባም። እንዲህ የሚለምን ሰው ሲገጥማችሁ «የማኅበራችን ደንብ ነው» በሉ። ለዚህም ነው ደንቡ የማኅበሩ እንዲሆን የምጠይቀው። እኔ ብቻ ብጽፈው ገዢው አስቸጋሪ ሰው ነው ብሎ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። ሁላችንም ከጻፍነው ሰውየው የሚሄድበት ሱቅ የለም።

የነገርኳችሁን መስመሮች በአንድ ገጽ አሳትሜ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ዋጋ፣ ሰፈርና ሰዓት የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለው። ሻይ እስኪመጣ አንድ አንድ ውሰዱ። ከዚያ ስልካችሁን አውጡና የራሳችሁን ማስታወቂያ ክፈቱ። «ሰው ልካችሁ መውሰድ ትችላላችሁ» የሚል ካለ እዚሁ ቁጭ ብላችሁ አጥፉት። እጠብቃችኋለሁ።