ነፋስ ያለበት ጎማ፦ ለጎሚስታ ሠራተኞች የደኅንነት ሥልጠና ቪዲዮ

(ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ ከባቲ የሚመጣው መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ። ኮምፕሬሰሩ ይንጫጫል። የተቆለሉ ጎማዎች አጠገብ አንድ ከባድ መኪና ቆሟል።)

ተራኪ፦ ከጅቡቲ የሚመጣ ከባድ መኪና የአፋርን ሙቀት አልፎ፣ የባቲን ዳገት ወጥቶ ነው እዚህ የሚደርሰው። ጎማው ደክሟል፣ ሹፌሩም ደክሟል። ጎሚስታው ደግሞ ቶሎ ጨርስ ይባላል። ዛሬ የምናየው ይህን ጥድፊያ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቁጥር። የከባድ መኪና ጎማ ብዙ ጊዜ ወደ 100 ፒኤስአይ ይሞላል። ይህ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 7 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ነው። የእጅ መዳፍን 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብንለው፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ 700 ኪሎ ይገፋታል ማለት ነው። የጎማው ጎን ደግሞ የብዙ መዳፍ ስፋት አለው። ቸርኬው ወይም ቀለበቱ ከለቀቀ ብረቱ ሰው አይጠብቅም።

በስክሪን ላይ፦ ማስጠንቀቂያ! ነፋስ ያለበትን ጎማ ዳዶ አትፍታ።

ትዕይንት 1

(ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን ድርብ ጎማ በእግሩ ይመታል። የውስጠኛው ለስልሷል።)

ሹፌር፦ አንተ ልጅ፣ ቶሎ በልልኝ። ወላሂ ዛሬ ደሴ ማደር አልችልም።

ረዳት፦ አብሽር ጋሼ፣ አሁን እፈታዋለሁ።

(ረዳቱ ክሪክ አስገብቶ የዳዶ መፍቻውን ያነሳል።)

ባለጎሚስታው፦ ቆይ! ነፋሱን አወጣህ?

ረዳት፦ የውስጠኛው እኮ ለስልሷል።

ባለጎሚስታው፦ የውጪውስ?

ተራኪ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጁ ያሰበው የተበላሸውን ጎማ ብቻ ነው። ድርብ ጎማ ግን ሁለቱ ቸርኬዎች በአንድ ዳዶ ተያይዘው ነው የሚቆሙት። የአንዱ ቸርኬ ከተሰነጠቀ፣ አንዳንዴ አንድ ላይ አጥብቆ የያዘው ያ ዳዶ ብቻ ነው። ዳዶው ሲላላ የውስጡ ግፊት ብረቱን ገንጥሎ ይጥለዋል። ስለዚህ መኪናው በታኮ ይያዝ፣ ከዚያ ዳዶ ከመነካቱ በፊት የሁለቱም ጎማ ነፋስ ይውጣ።

ነፋስ ማውጣት ማለት ቫልቩን በጥፍር ተጭኖ ትንሽ ማስተንፈስ አይደለም። የቫልቩ የውስጥ መርፌ ተፈትቶ ይወጣል። ድምፁ ሲቆም ሥራው አለቀ ብሎ መገመትም አደገኛ ነው፤ ነፋሱ ሲወጣ በሚፈጠረው በረዶ ወይም በቆሻሻ ቫልቩ ሊደፈን ይችላል። ቀጭን ሽቦ በቫልቩ ቀዳዳ ውስጥ አልፋ ስትገባ ያን ጊዜ ክፍት መሆኑ ይታወቃል። ሰከንዶች የሚወስድ ነገር ነው። ለሹፌሩ ይረዝምበታል፣ ይረዝምበት።

ትዕይንት 2

(ጎማው ወርዷል። ባለጎሚስታው ከቸርኬው አውጥቶ ውስጡን በባትሪ እያበራ ያያል። ጣቱን ሲያሳይ ጥቁር የጎማ ዱቄት አለበት።)

ባለጎሚስታው፦ ይህን አየህ? ይህ ጎማ በለስላሳው ሲሄድ ቆይቷል።

ሹፌር፦ ከባቲ ጀምሮ ነው፣ ግን ብዙም አልለሰለሰም።

ተራኪ፦ ሊሞላበት ከሚገባው ግፊት 80 በመቶውን ወይም ከዚያ በታች ይዞ የሮጠ ጎማ ተፈትቶ ሳይመረመር ነፋስ አይሞላም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በጎኑ ውስጥ የብረት ክሮች አሉ። ጎማው ለስልሶ ሲሄድ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ክሮቹም አንድ በአንድ ይደክማሉ፣ ይበጠሳሉ። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ነፋስ ሲገባበት ግን የደከሙት ክሮች በመስመር ይለቃሉ፣ ጎኑም እንደ ዚፕ ይከፈታል።

ምልክቱን ከውስጥ ፈልጉ። የጎማ ዱቄት፣ የተፋቀ ወይም የተሸበሸበ የውስጥ ንጣፍ። ከውጭ በእጅ ስትዳብሱት አንድ ቦታ የላላ ወይም ያበጠ ካገኛችሁ፣ ጎማው ወደ ሥራ አይመለስም። ሹፌሩ ቢለምንም።

ቸርኬውም ይታይ። ብዙ የቆዩ ቸርኬዎች በቀለበት የሚቆለፉ ናቸው። ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦይ በዝገት ከተሞላ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ይጣላል። ከሌላ ቸርኬ የመጣን ቀለበት «ይገጥማል» ብሎ ማስገደድ ደግሞ እኛ ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ሊገጥም ይችላል፤ ተመሳሳይ መምሰሉ ግን ግፊት ይይዛል ማለት አይደለም።

በስክሪን ላይ፦ ማስጠንቀቂያ! ጎማው ያልወረደበትን ቸርኬ አትበይድ፣ በእሳትም አታሙቀው።

ተራኪ፦ ይህ ለበያጆችም ነው። ነፋሱ ወጥቷል ብላችሁ አትመኑ። ሙቀቱ የጎማውን ላስቲክ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል፣ ጋዙም ውስጥ ተጠራቅሞ ይፈነዳል። ፍንዳታው እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ትዕይንት 3

(ሌላ ጎማ ተገጥሟል። ረዳቱ ቱቦውን ይዞ ጎማው ላይ ጎንበስ ብሏል።)

ባለጎሚስታው፦ ተነስ ከላዩ! ኬጁ ውስጥ አስገባው።

(ጎማው የብረት ኬጅ ውስጥ ገባ። ቱቦው ቫልቩ ላይ በራሱ ይያዛል። መክፈቻውና መለኪያው ሦስት ሜትር ርቀው ነው።)

ተራኪ፦ ኬጁ የሚያስፈልገው የሚወረወረውን ብረት እንዲይዝ ነው፤ እጃችሁም ጎማው ላይ መሆን የለበትም። ቫልቩን ይዞ የሚቆይ መያዣና ረጅም ቱቦ ከሌለ ኬጁ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው። ቆሞ መጠበቂያው ከጎማው ሁለት ጎኖች ፊት አይደለም። ብረቱም ሆነ ነፋሱ የሚወረወሩት በዚያ አቅጣጫ ነው።

መጀመሪያ 20 ፒኤስአይ አካባቢ ብቻ ሙሉ። ዝጉና ቀለበቱን ከርቀት እዩ። ዙሪያውን እኩል ከገባ፣ የመኪናው ጎማ እስከሚፈልገው ግፊት ቀጥሉ። አንድ ወገን ከወጣ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ እንደገና ግጠሙ።

ረዳት፦ ትንሽ በመዶሻ ብመታው አይገባም?

ባለጎሚስታው፦ ነፋስ ካለበት መዶሻ አትንካ።

ተራኪ፦ እየሞላችሁ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ጎኑ ሲያብጥ ካያችሁ፣ ክሮች እየተበጠሱ ነው። ለማየት አትቅረቡ። ካላችሁበት ሆናችሁ ነፋሱን ዝጉና አስወጡ።

ኬጅ የሌለው ጎሚስታ በዙሪያው ሰንሰለት ያስራል፣ ወይም ቀለበቱን ወደ መሬት ገልብጦ ይሞላል። ሁለቱም ኬጅን አይተኩም። የተገለበጠ ጎማ ራሱ ወደ ላይ ይነሳል። ኬጅ ማስበየድ ወጪ አለው። ሆኖም በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ደኅንነት መሣሪያ ማቅረብና ማሠልጠን የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ልጁ ከኪሱ የሚያወጣው አይደለም። ፍንዳታ የቀመሰ ኬጅም ብየዳው ሳይመረመር ዳግም አይሠራበትም።

በስክሪን ላይ፦ አጭር ፈተና። ቪዲዮውን አቁማችሁ መልሱ።

ጥያቄ 1፦ ከድርብ ጎማ የውስጠኛው ፈንድቷል፣ የውጪው ደህና ነው። ዳዶ ከመፍታታችሁ በፊት የየትኛውን ነፋስ ታወጣላችሁ?

ጥያቄ 2፦ 20 ፒኤስአይ ላይ ቀለበቱ በአንድ ወገን ጣት ያህል ወጥቷል። ሹፌሩ «ነፋስ ሲጨመር ራሱ ይገባል» ይላል። ምን ታደርጋላችሁ?

ጥያቄ 3፦ 60 ፒኤስአይ ላይ ከኬጁ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ሞልታችሁ ትጨርሳላችሁ?

(አምስት ሰከንድ።)

ተራኪ፦ መልስ 1፦ የሁለቱንም፣ የቫልቩን መርፌ አውጥቶ፣ በሽቦ አረጋግጦ። የፈነዳው ራሱ በሽቦ ይፈተሻል።

መልስ 2፦ ነፋሱን ጨርሶ አውጥቶ፣ ቦዩን አጽድቶ፣ ከመጀመሪያው መግጠም። ነፋስ መጨመርም መዶሻም የለም።

መልስ 3፦ አይሞላም። ድምፁ ዝም ማለቱ ክሩ ተመለሰ ማለት አይደለም። ከርቀት ነፋሱ ይውጣ፣ ጎማው ከቸርኬው ይውረድና ይመርመር። ምክንያቱ የብረት ክር ከሆነ ጎማው ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው ጎኑ ተቆርጦ ይጣል።