የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር

ከደሴ፦ ለዲዝል ሚኒባሴ ባትሪ ልገዛ ነው። አንዱ 600 ሲሲኤ፣ ሌላው 680 ሲኤ ይላል፤ ዋጋቸው እኩል ነው። ትልቁን ልውሰድ?

የሚበልጠው 600ው ነው። ሲሲኤ የሚለካው ባትሪው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነው፤ 600 ማለት በዚያ ብርድ ለ30 ሰከንድ 600 አምፔር ሲሰጥ ቮልቴጁ ከ7.2 አይወርድም ማለት ነው። ሲኤ ግን በዜሮ ዲግሪ ስለሚለካ ቁጥሩ ሩብ ያህል ከፍ ይላል። 680ን ለ1.25 ስታካፍለው ወደ 544 ሲሲኤ ይወርዳል። ደሴ ያን ያህል አትበርድም፤ ነገር ግን በጠዋት ዘይቱ ሲወፍር ሞተሪኖው ብዙ አምፔር ይስባል፣ ዲዝል ደግሞ ይብሳል። ከቁጥሩ በፊት ፊደሉን አንብብ።

ከኮምቦልቻ፦ ሲሲኤው መኪናዬ ከሚፈልገው ቢበልጥ ሞተሪኖውን አያቃጥልም?

አብሽር፣ አያቃጥልም። ሞተሪኖ የሚስበው የሚፈልገውን ብቻ ነው።

ከወልዲያ፦ አርሲ 100 የሚለውስ ለምን ይጠቅመኛል?

ሙሉ ቻርጅ ያለው አዲስ ባትሪ 25 አምፔር እየሰጠ ቮልቴጁ 10.5 እስኪደርስ 100 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ማታ ወደ ደሴ ስትጓዝ ዲናሞው ቢያቆም መብራትህን የሚያቆይልህ ይህ ቁጥር ነው። ባትሪው ሲያረጅ ደቂቃው ይቀንሳልና 100ውን አትመን። በአንድ ዓይነት ሳጥን ሲሲኤውን ለማብዛት ፋብሪካው ብዙ ስስ ሳህኖች ይደረድራል፤ እነሱ ደግሞ ባትሪው ደጋግሞ ባዶ ሲሆን ቶሎ ያልቃሉ። ቆመህ ሬዲዮና መብራት የምታበራ ከሆንክ ፊደሉን አንብብና አርሲው የሚበልጠውን ምረጥ።

ከባቲ፦ ባለሱቁ ሁለቱን ጫፍ በመፍቻ አስነክቶ «እሳቱን አየህ? ሲሲኤው ሙሉ ነው» አለኝ። ልመነው?

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ይህን ተዉት! ስንቴ ልናገር? ብልጭታው ሲሲኤ አይለካም። ሊሞት የተቃረበ ባትሪም ለቅጽበት ብልጭታ ይሰጣል፤ የሚወድቀው ሞተሪኖው ለሰከንዶች ሲስበው ነው። በመፍቻው የሚያልፈው አምፔር ከተጻፈው ሲሲኤም ሊበልጥ ይችላል፤ ብረቱ ግሎ ይጣበቃል፣ እጅ ያቃጥላል። ከሁሉ የከፋው ጋዙ ነው። ባትሪ ቻርጅ ሲሆን ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ጋዙ ከክዳኑ ሥር ሲጠራቀም አንድ ብልጭታ ሳጥኑን ያፈነዳዋል፣ አሲዱም ፊት ላይ ይረጫል። ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ ሳታቋርጡ እጠቡና ወደ ሆስፒታል ሩጡ፤ ማሸት የለም።

ትክክለኛው ፈተና በሎድ ቴስተር ነው። ባትሪው መጀመሪያ ቻርጅ ሆኖ፣ አርፎ 12.6 ቮልት አካባቢ ይድረስ። ከዚያ የሲሲኤው ግማሽ ለ15 ሰከንድ ይሳብ፤ ለ600 ሲሲኤ 300 አምፔር መሆኑ ነው። በ21 ዲግሪ አካባቢ ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ አትግዛ። ባለሱቁ መፍቻ እንጂ ቴስተር ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂድ።

ከሐይቅ፦ የባትሪዬ ጎን አብጧል፤ ቻርጅ ላድርገው?

አታድርገው፤ መፍቻም አታስነካው። ያሳበጠው ዲናሞው ከመጠን በላይ ቻርጅ እያደረገው ሊሆን ስለሚችል፣ አዲስ ከመግጠምህ በፊት የመኪና ኤሌክትሪሻን የዲናሞውን ቮልቴጅ ይለካልህ።