«ያኔ ምን ይታይህ ነበር?»

ሰላም ጓደኞች፣ እንደምን አመሻችሁ። ሲስተም ወድቆ ካደረ በኋላ ጠዋት ስብሰባ ሲጠራ የሁሉም ዓይን አንድ ልጅ ላይ ነው የሚያርፈው አይደል? እኔ የማወራው ስለዛ ስብሰባ ነው፣ በተለይ ስብሰባውን ለምትመሩት።

በፈረንጆች 2017 ጃንዋሪ 31 ማታ የኮድ ማስቀመጫው ድርጅት ጊትላብ ላይ የደረሰውን እንይ። አንድ ኢንጂነር db2 የሚባለው ሰርቨር ከዋናው db1 ወደኋላ ቀርቶበት ኮፒውን እንደገና ሊያስጀምር ይታገላል፣ ኋላ ላይ የዳታ ፎልደሩን ሲያጠፋ db2 ላይ ያለ መስሎት db1 ላይ ነበር፣ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ባንኖ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ 4.5 ብቻ ነው የተረፈው።

እዚህ ጋ «ለምን አላየህም?» ካላችሁት ልጁ «ይቅርታ» ይላል፣ ስብሰባው አለቀ፣ ምንም አላወቃችሁም። «ያኔ ስክሪኑ ላይ ምን ይታይህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ዳታቤዙን ኮፒ የሚያደርገው pg_basebackup ዝም ብሎ ቆሞ ነበር የሚል ነው። ዝም ያለው ዋናው ሰርቨር ዳታ መላክ እስኪጀምር እየጠበቀ ነው እንጂ አልተበላሸም፣ ግን ይሄ መመሪያቸው ላይ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ባዶው ፎልደር ነው ያስቸገረኝ ብሎ ሊያጠፋው ሄደ። በዛ ሰዓት እዛ ወንበር ላይ ብትሆኑ እናንተም ይሄንኑ ታስቡ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ከዛ ወደ ባካፑ ሂዱ፣ ትልቁ ጉድ ያለው እዛ ነው። ባካፑን የሚወስደው pg_dump የሚሠራው በ9.2 ቨርዥን ነበር፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6፣ ስለዚህ በየቀኑ ይከሽፋል፣ ከሸፈ የሚለው ኢሜይል ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር ጋ ውድቅ እየሆነ ማንም ጋ አይደርስም። ይሄ እንግዲህ የዛ ማታ ጥፋት አይደለም! እንደውም የ6 ሰዓት ዳታ ብቻ ጠፍቶ የቀረው ያው ኢንጂነር ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ ስናፕሾት በእጁ ወስዶ ስለነበር ነው። ልጁን አባራችሁ ቢሆን ባካፑ እንደከሸፈ ይቀጥል ነበር።

አለቃ ስብሰባው ላይ ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ለብቻው አናግሩት፣ አንዴ «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ» ካለ ከዛ በኋላ እውነቱን የሚናገር አታገኙም።

መጨረሻ ላይ «ወደፊት ጥንቃቄ ይደረግ» ተብሎ ከተጻፈ ሰርዙት፣ ነገ ጠዋት ማን ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ጊትላቦች የጻፉትን እዩ፣ ተርሚናሉ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለህ በግልጽ እንዲያሳይ PS1 ይቀየር፣ ባካፑ በራሱ እየተመለሰ ይፈተሽ፣ ለዳታው ደህንነት አንድ ኃላፊ ይመደብ። እናንተም እንደዚህ ጻፉና ከያንዳንዱ ጎን ስምና ቀን አስቀምጡ፣ ቀኑ ሲደርስም ሄዳችሁ «ተሠራ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አመሰግናለሁ።