የኤአይ ማጠቃለያ ከማጥናታችሁ በፊት

እሺ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ኤአይ ያወጣውን የምዕራፍ ማጠቃለያ ከመጽሐፉ ጋር እናስተያያለን። የያዝኩት የባዮሎጂ ምዕራፍ ነው፤ ፎቶሲንተሲስ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጓደኛ አስቡልኝ። ፊልም እያየ መሃል ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደዋል። ሲነቃ ፊልሙ ሊያልቅ ነው። "እንዴት ነበር?" ስትሉት "ተኝቼ ነበር" ይላል? በፍጹም! ያወራል። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ካየው፣ መሃሉን ደግሞ ሌላ ፊልም ላይ ካየው እየቀጠለ። ሌባው እንዲህ አደረገ፣ ልጅቷ እንዲህ አለች... ድምፁ እንኳ አይለወጥም። የቱ ጋ እንደተኛ ከወሬው አትለዩም፤ ፊልሙን ራሳችሁ ካላያችሁ በቀር። (እንዲህ ያለ ጓደኛ የለኝም ካላችሁ፣ ምናልባት እናንተው ናችሁ።)

ማጠቃለያውም ይኸው ነው።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። መጀመሪያ ከማጠቃለያው ወደ መጽሐፉ፦ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ገጹን ፈልጉ፣ ጎኑ ላይ ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ ከመጽሐፉ ወደ ማጠቃለያው፦ ንዑስ ርዕሶች፣ የደመቁ ቃላት፣ ግራፎች ገብተዋል ወይ? የተዘለለ ነገር የሚያዘው በዚህኛው ብቻ ነው።

አሁን የኔን እዩት። "ብርሃን አልባው ሂደት በሌሊት ይካሄዳል" ይላል። ስህተት! መጽሐፉ ያለው ብርሃን በቀጥታ አያስፈልገውም ነው። ኃይል የሚሰጠውን ኤቲፒ የሚያገኘው ከብርሃኑ ሂደት ስለሆነ በቀን ነው የሚሠራው። ቀጥሎ "ብርሃን ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል" ይላል። መጽሐፉ ላይ "እስከ ተወሰነ ደረጃ" የሚል አለ፤ ግራፉም ከዚያ በኋላ ዝርግ ይላል። ያቺ ሐረግ ተቆርጣለች፣ ግራፉም የለም። ፈተና የሚወጣው ደግሞ ከዚያች ሐረግ ነው! ሦስተኛው "ሜልቪን ካልቪን በ1961 ኖቤል ተሸለመ" የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ተሸልሟል። ምዕራፉ ውስጥ ግን አንድም ቦታ የለም። ይህ ነው አታላዩ፤ ጉግል ብታደርጉት ትክክል ነው ይላችኋል። ገጽ ያልተገኘለትን አክብቡት፣ ከምዕራፉ ማስታወሻ አውጡት።

ቆይ፣ አስተያየት መስጫው ላይ ሁሌ የምትጽፉልኝ አለ፦ "መልሼ ራሱን ኤአይውን ባስፈትሸውስ?" ኧረ ተዉ! ያንን ጓደኛ "እርግጠኛ ነህ?" ስትሉት ምን ይላል? ወይ "አዎ" ይላል፣ ወይ ደንግጦ ትክክሉንም ይቀይረዋል። ፋይሉ ረዝሞ የምዕራፉ መጨረሻ ካልደረሰው፣ ወይም ግራፉ ፎቶ ሆኖ ካልተነበበለት፣ ያላየውን በምን ይፈትሽ? ሌላ ኤአይ ብታመጡም ምዕራፉን ካልሰጣችሁት ያው ነው። ብትሰጡትም አጠራጣሪ ቦታ ይጠቁማችሁ ይሆናል፤ ገጹን የምትገልጡት ግን እናንተው ናችሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ገጽ እስክትገልጡ አድርጓት።

ጊዜ ካጠራችሁ ከቁጥሮቹ፣ ከስሞቹ፣ "ብቻ"፣ "ሁልጊዜ"፣ "ካልሆነ በቀር" ከሚሉት ጀምሩ። ከዚያ የምዕራፉን የመጨረሻ ሁለት ገጾች ገልጣችሁ ማጠቃለያው ውስጥ መኖራቸውን እዩ። ከሌሉ ፋይሉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ምዕራፉን ከፋፍላችሁ እንደገና አስጠቃልሉት።