ሜንተሯ ምን አደረገችላት?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ሰሞኑን ሳሰላስለው ስለከረምኩት ነገር ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

አንዲት ጓደኛዬ ተማሪዎችን ከሜንተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ውስጥ ትሠራለች። ለአዲሱ ዙር ሜንተርም ስፖንሰርም ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአንዲት ተማሪን ታሪክ ከፎቶዋ ጋር ቴሌግራም ላይ ሊለቁ ነው። ጓደኛዬ ካፕሽኑን ላከችልኝና «እስቲ እየው» አለችኝ።

«አባቷን በልጅነቷ ያጣችውና ተስፋ ቆርጣ የነበረችው እህታችን፣ ዛሬ ሕይወቷ ተቀይሯል» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ምስጋና ይደረደራል። መጨረሻ ላይ «እርስዎም የለውጡ አካል ይሁኑ» ይላል።

አንብቤ ስጨርስ ልጅቷ አንጀቴን በላችው። ሜንተሯ ምን እንዳደረገችላት ግን አላወቅሁም። ሜንተር ልሁን ወይ ብሎ የሚያስብ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ «እኔ ይሄን እችለዋለሁ?» ካፕሽኑ ለዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ ለጓደኛዬ ደወልኩና ታሪኩን ከሥሩ ንገሪኝ አልኳት።

ልጅቷ 12ኛ ክፍል ተፈትና 50 በመቶ አላመጣችም። ይሄን በስንፍና ለመተርጎም የሚቸኩል ሰው አይጠፋም። ግን ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ዙር፣ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሪሚዲያልም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እሷም ሪሚዲያል ገባች፣ ከቤቷ ርቃ። ሜንተሯ አዲስ አበባ የምትሠራ አካውንታንት ናት። በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ይገናኛሉ።

ሜንተሯ ሒሳብ አላስተማረቻትም። ያለቻት ይሄን ብቻ ነው፦ «በሳምንት አንድ የተሳሳትሽውን ጥያቄ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የት ጋ እንደተያዝሽም ጻፊልኝ።» መጀመሪያ ላይ ልጅቷ ሙሉ ገጽ ትልክና «ምንም አልገባኝም» ትል ነበር። ሜንተሯም «እሺ፣ እስከየት ድረስ ገብቶሽ ነበር?» እያለች ትመልስላታለች። በየሳምንቱ ይቺኑ ጥያቄ። ከወራት በኋላ ልጅቷ «ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ለምን ከፕላስ ወደ ማይነስ ተቀየረ?» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ መምህሩን ጠየቀች።

በቃ፣ ታሪኩ ይሄ ነው! «ምንም አልገባኝም» ከማለት «ሦስተኛው መስመር» እስከማለት ያለው መንገድ። ይሄን ያነበበ የባንክ ሠራተኛ «እኔም እኮ ይሄን መጠየቅ አያቅተኝም» ይላል። ካፕሽኑ በእነዚህ ሁለት መልእክቶች ይጀምር አልኳት። ቴሌግራም በነጻ ለሚጠቀም ሰው ከፎቶ ሥር የሚፈቅደው 1,024 ፊደል ነው። በአማርኛ ሲጻፍ ደህና ቦታ ነው፣ አንዱ ፊደላችን እንደ አንድ ስለሚቆጠር።

ልጅቷ ሪሚዲያሉን አልፋ አሁን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። ይሄ ይጻፍ፣ ግን «በሜንተሯ ምክንያት አለፈች» አይባል። መምህራኖቿ አሉ፣ ሌሊቱን ያጠናችው ራሷ አለች። ነገሩን የሚያውቅ ስፖንሰር እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል።

ሌላው የጊዜው ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ካፕሽን «ትንሽ ጊዜዎን ይስጡ» ይላል። እኔ ይሄ ያስፈራኛል። ግሮስማንና ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ሠርተው በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። ብዙ ጥቅም ያገኙት ከሜንተራቸው ጋር አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ ልጆች ናቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት ጭራሽ ወርዶ ተገኘ። ጀምሮ የሚጠፋ ሜንተር ከነጭራሹ ካልመጣው ይብሳል ማለት ነው። ስለዚህ በግልጽ ይጻፍ፦ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። የሚመዘገበው ሰው ሊያንስ ይችላል፤ ይነስ።

ስፖንሰሩን ደግሞ ከሜንተሩ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥራት አያስፈልግም። የእሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ብሩ የት እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል። ለዚች ልጅ የሞባይል ካርድ፣ ፎቶ ኮፒና ለእረፍት ወደ ቤቷ የምትመለስበት የአውቶቡስ ትኬት ሆኗል። የአንድ ተማሪ የወር ወጪ በብር ተጽፎ ለብቻው ይቀመጥ።

በመጨረሻ ጓደኛዬ አዲሱን ካፕሽን ለልጅቷ ላከችላት፤ እሷ እሺ ሳትል እንዳይወጣ። ልጅቷ ስለ አባቷ የሚለው እንዲሰረዝ ጠየቀች። ጓደኛዬ እንዳታፍር ብላ «ሪሚዲያል» የሚለውንም አውጥታው ነበር። ልጅቷ ግን «እሱን መልሱት። አሁን እዚያ ያሉ ልጆች ያንብቡት» አለች። ተመልሶ ገባ፣ እንዲያውም ከፎቶዋ ሥር የመጀመሪያው መስመር ላይ።