«ያስወግዳል» ወይስ «ይቀንሳል»? ስለ ጓያ በሚሠሩ የጤና ቪዲዮዎች ላይ የቀረቡ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከደብረ ብርሃን፦ «ስለ ጓያ አጭር ቪዲዮ ላዘጋጅ ነው። በጽሑፌ ላይ ‹ጓያን ነክሮ ውሃውን መድፋት መርዙን ያስወግዳል› ብያለሁ። ትክክል መሆኑን እንዴት ላጣራ?»

ዓረፍተ ነገርዎ አንድ ቢመስልም ሦስት የተለያዩ አባባሎችን አዝሏል፤ የማጣራቱ ሥራም እነርሱን ከመለየት ይጀምራል። የመጀመሪያው ጓያ ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር አለ የሚለው ነው፤ ይህ በሚገባ የተረጋገጠ ስለሆነ ያለ ማመንታት ሊናገሩት ይችላሉ። ሁለተኛው መንከር መጠኑን ዝቅ ያደርጋል የሚለው ነው፤ ኦዳፕ በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ ከመንከሪያው ውሃ ጋር ከፊሉ ይወጣል፤ ስለዚህ ይህም ይጸናል። ሦስተኛው፣ በ«ያስወግዳል» ውስጥ የተሸሸገው፣ ከተነከረ በኋላ ምንም አይቀርም፣ እንደ ልብ ቢበሉትም እግርን አያሽመደምድም የሚለው ነው፤ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ የለም።

ማስረጃውን ለማየት ፐብሜድ በተባለው የምርምር ማውጫ ላይ የሚከተለውን ይጻፉ፦

```
Lathyrus sativus neurolathyrism Ethiopia
```

የሚያገኟቸው ጥናቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ በቤተ ሙከራ ውስጥ በፍሬው ላይ የቀረውን ኦዳፕ የለኩ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ የታመሙና ያልታመሙ ሰዎች ምን እንደ በሉ ያነጻጸሩ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ስለ ፍሬው እንጂ ስለ ሰው እግር አይነግሩዎትም። «ይህን ያህል በመቶ ተወገደ» የሚል ቁጥር ካገኙ ውሃው ፈልቶ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ፣ ለስንት ሰዓት ተነከረ፣ ስንት ጊዜስ ተቀየረ ብለው ይመልከቱ፤ በሙቅ ውሃ እየተቀያየረ የተነከረ ጓያ ውጤት፣ አንዲት እናት ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ጠዋት ለምትደፋው ጓያ አይሠራም። በአገራችን ከተደረጉት የሁለተኛው ዓይነት ጥናቶች ደግሞ ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ይህ ዝምድና ነው፤ በችግር ጊዜ ንፍሮ የሚበዛበት ቤት ሌላ እህል የሚጠፋበት ቤት ሊሆን ስለሚችል፣ «ንፍሮው አሽመደመደ» ብሎ መደምደም ግን ሌላ እርምጃ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ሁሉንም ‹ሊሆን ይችላል› እያልሁ ካቀረብሁ ማን ያዳምጠኛል?»

እውነት ነው፤ በየመስመሩ የተበተነ «ሊሆን ይችላል» ጥንቃቄ ሳይሆን ጭጋግ ነው። በዚያ ላይ የአማርኛው «ይችላል» ሁለት ፊት አለው፤ «መንከር መርዙን ሊቀንስ ይችላል» ሲባል አንዱ አድማጭ «አቅም አለው» ብሎ ሲረዳው ሌላው «ምናልባት» ብሎ ይሰማዋል። «ይባላል» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ማን እንዳለው ሳይናገር ኃላፊነቱን ከተናጋሪው ትከሻ ያወርዳል። ጥርጣሬው የሚገባው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ፣ ምኑ እንደማይታወቅ ተለይቶ ይነገር፤ የቀረው በእርግጠኝነት ይባል። እኔ ብሆን የደብረ ብርሃኑን ጠያቂ ዓረፍተ ነገር እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ጓያን ነክሮ ውሃውን መድፋት በውስጡ ያለውን መርዝ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። በቤታችሁ በምትነክሩበት መንገድ ምን ያህል እንደሚቀር በዓይን አይታወቅም፤ ስለዚህ የተነከረውንም ቢሆን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሉት እንጂ ለወራት ዋና ምግባችሁ አታድርጉት።»

እዚህ ላይ «ይቀንሳል» እና «አያጠፋውም» ጸንተው የቆሙ ናቸው፤ የማይታወቀው መጠኑ ብቻ ነው። አድማጩ የሚያደርገውም ከዚያው ከማይታወቀው ነገር ይመነጫል። በሽታው አንዴ ከያዘ የሚመልሰው መድኃኒት ስለሌለ፣ ስሕተቱ ወደ ጥንቃቄ ቢያደላ ይሻላል።

ከመንዝ፦ «እናቴ የጓያ እንፋሎት የነካው ሰው ይሰበራል ትላለች። በቪዲዮው ላይ ላንሳው?»

ያንሱት፤ ነገር ግን መክፈቻዎ አያድርጉት፤ መጀመሪያ የተሰማ ነገር ማስተባበያው ከተረሳ በኋላም ይቀራልና። አስቀድመው ምክንያቱን ይናገሩ፦ በሽታው የሚመጣው ጓያ የዕለት ምግብን ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ለሁለት ለሦስት ወር ሲበላ ነው፤ የሚበዛውም ድርቅ ሌላውን እህል ሲያጠፋና በዋልካው መሬት ጓያው ብቻ ሲተርፍ ነው። ከዚያ «እንፋሎቱ ያሽመደምዳል የሚል እምነት አለ፤ ጉዳቱ ግን የሚመጣው በመብላት ነው» ይበሉ። እናትዎ በሽታውን ከጓያ ጋር ማያያዛቸው ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መንገዱ ብቻ ነው፤ ይህንንም በቪዲዮው ላይ ቢጠቅሱት እንደ እርሳቸው የሚያምኑት አድማጮች ጆሯቸውን አይነፍጉዎትም።