ገዛሁ ልትል ሸጥኩ፦ የቻይንኛ ድምፅ እና የአማርኛ ፊደል

ቢኒያም፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ሜሮን የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጥታለች። ምንድን ነው እሱ?

ሜሮን፦ የድሮ ጥፋቴ ነው። ቻይንኛ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ የአክስቴ ልጅ ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ ሊሄድ ሆነ። «የምትጠቅመኝን አስር መስመር በእኛ ፊደል ጻፊልኝ» አለኝ። እኔም ኩራት ኩራት እያለኝ ጻፍኩለት። ሶስተኛው መስመር ይኸውልህ፣ አንብበው።

ቢኒያም፦ «ዎ ያው ማይ ጄገ።»

ሜሮን፦ «ይሄን መግዛት እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ማለትም፣ እንዲያ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። ልጁ ሱቅ ገብቶ በጣቱ ወደ አንድ ጫማ እያመለከተ አነበበው። ሻጯ ጫማውን አየች፣ እሱን አየች፣ ባዶ እጁን አየች። ግራ ገባት። «ይሄን መሸጥ እፈልጋለሁ» ነበር ያላት።

ቢኒያም፦ የራሷን ጫማ ለራሷ!

ሜሮን፦ አዎ። መግዛት mǎi ነው፣ መሸጥ mài። በእኛ ፊደል ሁለቱም «ማይ» ናቸው። ልዩነቱ ያለው ድምፁ ላይ፣ መውጣት መውረዱ ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ አልጻፍኩትም። በስልክ ደውሎ «እስቲ ስሚኝ» ሲለኝ «ማይ!» ብሎ ቁርጥ አደረጋት። አማርኛ ውስጥ አንድ ቃል ረገጥ አድርገን ስንናገር እንደምናደርገው። ያ ደግሞ ድርቅ ያለ «መሸጥ» ነው።

ቢኒያም፦ እስቲ ለማያውቅ ሰው ድምፆቹን አሰሚን።

ሜሮን፦ አራት ናቸው። አንደኛው ከፍ ብሎ ሳይነቃነቅ የሚቆይ ነው፤ ሐኪም ጉሮሮህን ሊያይ «አአአ በል» ሲልህ እንደምትለው። ሁለተኛው ወደ ላይ ይወጣል፤ ያልሰማህ ሰው ሆነህ «እ?» ስትል። ሶስተኛው ዝቅ ያለ ነው፣ እሱን ቆይ እመለስበታለሁ። አራተኛው ከላይ ወደ ታች ይወድቃል፤ ልጅ ላይ «ተው!» ስትል። አምስተኛ የሚመስል አለ፣ ቀለል ብሎ የሚያልፍ፣ የራሱ ድምፅ የሌለው።

ቢኒያም፦ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው ከአገባቡ አይረዳም እንዴ? እኛስ ፊደላችን ላይ ማጥበቅና ማላላት አንጽፍም። «አለ» ብዬ ብጽፍ «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል» አንባቢው ይለየዋል።

ሜሮን፦ ጥሩ አመጣህ። ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ እውነት ነው። ሾርባ tāng ነው፣ ስኳር táng። ምግብ ቤት ተቀምጠህ ማንኪያ ይዘህ ብትሳሳት አስተናጋጁ ሾርባህን ያመጣልሃል። አሁን ግን ይሄን አንብብ፦ «ዶሮው ይበላል።»

ቢኒያም፦ ዶሮው... እህል ይበላል? ወይስ ለእኛ ይበላል?

ሜሮን፦ አየህ፣ ሁለቱም ያስኬዳል። «በ» ከጠበቀች ዶሮው ሳህን ላይ ነው፣ ከላላች ጓሮ ውስጥ። አረፍተ ነገሩ ራሱ አይረዳህም። መግዛትና መሸጥም እንደዚያ ናቸው፤ አንዱ የገባበት ቦታ ሁሉ ሌላው ይገባል፣ ያውም ገበያ መሃል። እኛ ማጥበቂያ የማንጽፈው አማርኛውን ስለምናውቅ ነው። የውጭ ሰው «ይበላል»ን ከወረቀት ብቻ እንዲያነብ ስጠውና እይ። የአክስቴ ልጅ ቻይና ሆኖ ያ የውጭ ሰው ነበር።

ቢኒያም፦ በጽሑፋቸውስ ይለያያሉ?

ሜሮን፦ በዓይን ቀላል ነው። መግዛት 买፣ መሸጥ 卖። መሸጥ ማለት መግዛት ላይ መስቀል መሳይ ነገር የተጫነበት ነው። ያቺ መስቀል ለብቻዋ ስትጻፍ ደግሞ «አስር» የሚለው ቁጥር ናት። እና አስር ካልኩ አይቀር፣ ዋናው ወጥመድ እሱ ነው።

ቢኒያም፦ እንዴት?

ሜሮን፦ አራት sì ነው፣ የሚወድቅ። አስር shí ነው፣ የሚወጣ። የቤጂንግ ሰው ካነጋገረህ «ስ» እና «ሽ» ይለያዩልሃል፣ ድምፁን ባትይዝም ታመልጣለህ። ደቡብ ስትወርድ ግን፣ ጓንዡ አካባቢ፣ ብዙ ሰው «ሽ»ዋን ወደ «ስ» ይጎትታታል። ያኔ አስርም «ስ»፣ አራትም «ስ» ይሆናል። የቀረው ልዩነት መውጣትና መውደቅ ብቻ ነው። ዋጋ እየተከራከርክ ነው እንግዲህ።

ቢኒያም፦ በአራት ዩዋን ገዛሁ ብዬ አስር ልከፍል።

ሜሮን፦ ለዚያ ነው ነጋዴው ሁሉ ካልኩሌተር የሚዘረጋው። ጣትም አለ፤ አራት እንደኛው አራት ጣት ነው፣ አስርን ሁለት አመልካች ጣት አጣምረው ያሳዩሃል። እኔ ግን አሁን ወረቀት ስጽፍ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጌ «ስ2፣ ወደ ላይ፣ አስር» «ስ4፣ ወደ ታች፣ አራት» ብዬ ነው። «ሽ»ዋን በቅንፍ አስገባታለሁ።

ቢኒያም፦ ቆይ፣ ለምን ቁጥር? ቻይኖቹ ከፊደሉ በላይ ምልክት ያደርጉ የለ?

ሜሮን፦ በላቲን ፊደል ላይ ነው። ፒንዪን የሚባለው አጻጻፍ፣ በ1958 የጸደቀው፣ አናባቢው ላይ ā á ǎ à ያደርጋል። የእኛ ፊደል ላይ ያን ለመጫን ብትሞክር ግማሹ ስልክ አራት ማዕዘን ሳጥን ያሳይሃል። ላቲኑም ላይ ቢሆን ሰው ǎ ለማለት ă ይጽፋል፤ አንዷ ሹል ናት፣ አንዷ ክብ። ቁጥር ግን የትም አይጠፋም። በቴሌግራም ብትልከው፣ ብታትመው፣ በእጅህ ብትገለብጠው ያው 3 ነው።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ስለዚህ ሶስተኛው መስመር ተስተካክሎ...

ሜሮን፦ «ዎ3 ያው4 ማይ3 ጄ4ገ።» የመጨረሻዋ «ገ» ቁጥር የላትም፣ ቀለል ብላ ታልፋለች። ግን ይሄን ስሰጠው ሁለተኛ ጥፋት ሠራሁ። ከታች «3 ማለት ወርዶ ይወጣል» ብዬ ጻፍኩ።

ቢኒያም፦ ምልክቱም እኮ እንደዚያ ነው፣ ሸለቆ።

ሜሮን፦ ለብቻው ስትለው ልክ ነው። ዩዌን ሬን ቻው የሚባል ቻይናዊ የቋንቋ ሊቅ በ1930 የድምፅ ከፍታን ከ1 እስከ 5 በቁጥር የሚጽፍ ዘዴ አወጣ፤ 1 ዝቅተኛው፣ 5 ከፍተኛው። በዚያ መሠረት ሶስተኛው 214 ይባላል፤ ከ2 ወደ 1 ይወርድና ወደ 4 ይወጣል። ነገር ግን ሌላ ቃል ከኋላው ከተከተለ መውጫው ይቀራል። ዝቅ ብሎ እዚያው ያልቃል፣ 21 በለው። በእኛ መስመር ውስጥ «ማይ»ን «ጄ» ትከተላታለች፣ ስለዚህ «ማይ» ዝቅ ብላ ነው የምትቀረው። የአክስቴ ልጅ ግን እኔን አምኖ ወረደና ወጣ። መውረዱ አጭር ሆነና መውጣቱ ብቻ ተሰማ። mái ሆነች።

ቢኒያም፦ እሷስ ምንድን ናት?

ሜሮን፦ መቅበር። መሬት ውስጥ።

ቢኒያም፦ (ሳቅ) ጫማውን ሊቀብረው!

ሜሮን፦ አሁን «3 ማለት ዝቅ በል፣ ከደረትህ አውጣው፣ አትነሳ» ብዬ ነው የምጽፈው። «እህ፣ ቀጥል» እያልክ ሰው ስታዳምጥ የምታወጣት ዝቅ ያለች ድምፅ። አስር መስመር ብቻ ይዞ ለሚሄድ መንገደኛ ሸለቆው አያስፈልገውም።

ቢኒያም፦ «ኒ ሃው»ስ? እሱን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ሜሮን፦ እሱ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። መዝገበ ቃላት nǐ hǎo ይላል፣ 3 እና 3። አፍ ግን እንደዚያ አይልም። ሁለት ሶስተኛዎች ሲገናኙ ፊተኛዋ ሁለተኛ ትሆናለች፣ ትወጣለች። «ኒ2 ሃው3።» የፒንዪን ልማድ ለውጡን አይጽፍም፣ አንባቢው ደንቡን ያውቃል ብሎ።

ቢኒያም፦ አንቺስ የትኛውን ትጽፊያለሽ?

ሜሮን፦ ለመንገደኛ ወረቀት አፍ የሚለውን፣ 2 እና 3። ለተማሪ መጽሐፍ ግን መዝገበ ቃላቱን።

ቢኒያም፦ እኔ አልስማማም። ያ መንገደኛ ነገ መማር ቢፈልግስ? መጽሐፍ ሲገዛ «ወረቀቴ ላይ 2 ነበር» ብሎ ግራ ይገባዋል።

ሜሮን፦ ይገባዋል። ያኔ አስተማሪው በአምስት ደቂቃ ያስረዳዋል። እኔ የምፈራው ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚሆነውን ነው። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ መቀላቀል ነው የማይፈቀደው፤ ከላይ «እንደሚነገር የተጻፈ» ብለህ ጽፈህ ትጨርሳለህ።

ቢኒያም፦ ቻይኖቹ ራሳቸው ግን ያለ ምልክት ይጽፋሉ አይደል? የመንገድ ታርጋ ላይ፣ ፓስፖርት ላይ።

ሜሮን፦ ይጽፋሉ፣ ከጎኑ የራሳቸው ጽሑፍ ስላለ። ግን እነሱንም የያዛቸው ቦታ አለ። ሁለት ጎረቤት ክፍለ ሀገሮች፣ ቢጫ ወንዝ ለረጅም መንገድ የሚለያቸው፤ አንዱ Shānxī፣ ዋና ከተማው ታይዩዋን፤ ሌላው Shǎnxī፣ ዋና ከተማው ሺአን። ምልክቱን ስታነሳው ሁለቱም Shanxi ናቸው። ፖስታ ላይ ምን ትጽፋለህ?

ቢኒያም፦ ምን አደረጉ?

ሜሮን፦ የሺአኑን Shaanxi ብለው a ደገሙለት። ሶስተኛ ድምፅን አናባቢ በመድገም የሚጽፍ የድሮ ዘዴ ነበር፣ በ1928 የጸደቀ። ያ ቻው ራሱ ዋና እጅ ነበረበት። ዘዴው ተተወ፣ ያቺ አንዷ a ግን እስከ ዛሬ ካርታ ላይ አለች። የምታየው ሁለት a ረጅም «አ» አይደለም፣ «ዝቅ በል» ማለት ነው።

ቢኒያም፦ ወረቀት አዘጋጅቶ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ወረቀቱ እንደሠራ በምን ያውቃል?

ሜሮን፦ ቻይንኛ ለማያውቅ ሰው ስጠውና ድምፁን ቅዳ። ከዚያ ለቻይናዊ አሰማው፣ ወረቀቱን ሳታሳይ። «ትክክል ነው ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፣ በትህትና «አዎ» ይልሃል። «ምን ሰማህ?» በለው። «መሸጥ» ካለህ ወደ ወረቀቱ ትመለሳለህ።

ቢኒያም፦ የአክስትሽ ልጅስ?

ሜሮን፦ አሁንም ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ከፍቶ ነው ሱቅ የሚገባው። «ማይ»ን ግን ዝቅ አድርጎ ነው የሚላት፣ ሰው የሚታዘበው ይመስል አንገቱን ደፍቶ።